ውኃ በደጋ ሲፈላ
(ለአጭር ፊልም የተሰናዳ ትረካ)

በዚህ ጉልቻ ላይ የምታዩት ድስት የምንጭ ውኃ ይዟል። ድፍርስ ስለ ነበረ አስቀድመን እንዲጠል ትተን በንጹሕ ጨርቅ አጣርተነዋል።

ውኃ በባሕር ዳርቻ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ በምትገኘው በመሐል ሜዳ ግን አየሩ ስስ ስለ ሆነ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህም ሙቀት ተቅማጥ የሚያመጡትን ተሕዋስያን ይገድላል፤ ነገር ግን ዝቅ ያለ ስለ ሆነ 3 ደቂቃ ማቈየት ይገባል።

በድስቱ ጠርዝ ጥቃቅን አረፋ ስላየን ፈላ አንበል። ውኃው በሙሉ እየተገላበጠ ሲንተከተክ፥ ያን ጊዜ መቍጠር እንጀምር። እንደ ተከደነ ከበረደ በኋላ በታጠበ አፈ ጠባብ እንስራ እንገልብጠው። ስንጠጣም አዘንብለን እንቅዳ እንጂ ኩባያ አንንከርበት፤ ያልታጠበ እጅ የፈላውን ውኃ መልሶ ይበክለዋልና።