በሰቆጣ ሰማይ ላይ ቆሞ የሚታየው ሳተላይት

በሰቆጣ ከተማ የቆርቆሮ ጣራዎችን ረጋ ብሎ የተመለከተ ሰው፥ ኢትዮሳትን የሚቀበሉት ዲሾች ሁሉ፥ ለጸሎት እንደ ቆሙ ምእመናን፥ ፊታቸውን ወደ አንድ ማዕዘን፥ ይኸውም ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙረው ያገኛቸዋል። ማዕበሉ የሚወርድበት ሥፍራ ከአድማስ 64 ዲግሪ ያህል ከፍ ያለ ሲሆን፥ በዚያም ኤንኤስኤስ-12 የተባለው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ተቀምጧል። ዲሹን የተከለው ባለሙያ ብሎኑን አጥብቆ ከጣራ ከወረደ በኋላ፥ ነፋስ ካላዛነፈው በቀር፥ ለዓመታት ተመልሶ መውጣት አያስፈልገውም፤ ፀሐይና ከዋክብት ሲወጡና ሲጠልቁ ይህ ሳተላይት ከቦታው የማይነቃነቀው ስለ ምንድን ነው?

ነገሩን ለመረዳት ከእርሱ በጣም ዝቅ ብላ የበረረችውን የአገራችንን የመጀመሪያ ሳተላይት፥ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችውን ኢቲአርኤስኤስ-1ን፥ ማነጻጸሪያ ማድረግ ይጠቅማል። እርስዋ ከምድር ገጽ 628 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ባለ ምሕዋር ላይ ሆና ምድርን አንድ ጊዜ ለመዞር 97 ደቂቃ ገደማ ይበቃት ስለ ነበር፥ በአንድ ቀን ወደ 15 ጊዜ የሚጠጋ ትዞር ነበር፤ ስለዚህም መልእክቷን የሚቀበለው አንቴና ከአድማስ ብቅ ካለችበት እስከምትጠልቅበት ድረስ ለጥቂት ደቂቃ እየተከተላት መዞር ነበረበት። የሰቆጣ ሰው እንዲህ ያለችውን ሳተላይት ለቴሌቪዥን ቢፈልጋት፥ ዜናው ሳያልቅ ከተራራው ጀርባ ትሰወርበት ነበር።

የዑደቱን ርዝመት የሚወስነው የሳተላይቱ ክብደት ወይም ሞተር ሳይሆን ከምድር እምብርት ያለው ርቀት ብቻ ነው። ከእምብርት እንጂ ከገጽ አለማለታችንን አንባቢ ልብ ይበል፤ ብዙ ሰው ሒሳቡን የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። የምድር እምብርት ከገጽዋ 6,378 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፥ የኢቲአርኤስኤስ-1 ርቀት 7,006 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የኤንኤስኤስ-12 ደግሞ 42,164 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህም ከፊተኛው ስድስት እጥፍ መሆኑ ነው። ርቀቱ ስድስት እጥፍ ሲሆን የሚዞረው ክብ መንገድ ስድስት እጥፍ ይረዝማል፤ የምድር ስበትም 36 ጊዜ ይደክማል። ስበቱ ሲደክም ደግሞ ሳተላይቱ ሳይወድቅም ሳያመልጥም እንዲዞር የሚያስፈልገው ፍጥነት ይቀንሳል፤ በሴኮንድ 7.5 ኪሎ ሜትር የነበረው ወደ 3.1 ይወርዳል። መንገዱ ረዝሞ ተጓዡ ስለ ዘገየ፥ ስድስት እጥፉን በሁለት ተኩል እጥፍ ግድም ብናበዛው፥ ዑደቱ 15 እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ይሆናል፤ 97 ደቂቃውም ወደ 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ያድጋል። ዮሐንስ ኬፕለር በ1619 እ.ኤ.አ. ስለ ፈለኮች የጻፈው ሕግ፥ የዑደቱ ካሬ ከርቀቱ ኪዩብ ጋር አብሮ ያድጋል የሚለው፥ ይኸው ነው።

ምድር በራስዋ ዛቢያ አንድ ጊዜ የምትዞረውም በእነዚሁ 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው፤ የቀሩት አራት ደቂቃዎች በፀሐይ ዙሪያ ስለምትሄድ ፀሐይን መልሳ ፊት ለፊት ለማግኘት የምትጨምራቸው ናቸው። እንግዲህ 35,786 ኪሎ ሜትር የሚለውን ከፍታ ማንም መሐንዲስ በምርጫው አላወጣውም፤ የቀናችን ርዝመት ራሱ ያወጣው ነው። ቀረብ ይበል ቢባል ከምድር ቀድሞ ይሮጣል፤ ራቅ ቢል ወደ ኋላ ይቀራል። ከምድር ወገብ በላይ መሆኑም ግዴታ ነው፤ ማናቸውም ምሕዋር የምድርን እምብርት መካከሉ ስለሚያደርግ፥ በሰቆጣ አናት ላይ በቀጥታ የሚቆም ሳተላይት ከቶ ሊኖር አይችልም። በዚያም ላይ የጨረቃና የፀሐይ ስበት ቀስ በቀስ ከመስመሩ ያዘነብለዋል፤ ይህን የሚያቃናው በያዘው ነዳጅ ነውና፥ ነዳጁ ሲያልቅ መሣሪያው ጤናማ ቢሆንም ዲሾቻችን ከሚያዩት ነጥብ መወዛወዝ ይጀምራል።

ይህ አንድ ቦታ መቆሙ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያመጣው ጣጣ ደግሞ አለ። በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንትና ከመስቀል በዓል ማግሥት ባሉት ቀናት፥ ረፋድ አምስት ሰዓት ገደማ፥ ፀሐይ ከሰቆጣ ሲታይ በትክክል ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች፤ ያን ጊዜ ዲሹ የሚሰበስበው የፀሐይ ብርሃን ኤልኤንቢው አፍ ላይ ያርፋል፥ የፀሐይም ጩኸት ደካማውን ማዕበል ስለሚውጠው ሥዕሉ ይሰባበራል ወይም ይጠፋል። በዚያ ሰዓት ጣራ ላይ ወጥተው ብሎኑን አይፍቱ፤ ፀሐይ ስታልፍ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሥዕሉ በራሱ ይመለሳል።