በሬ ገዥው መጀመሪያ ስንት ይበል?

ግንቦት ሲጋመስ የጎጃም የከብት ገበያዎች በበሬ ፈላጊ ይሞላሉ። ከጥማዱ አንዱ የሞተበት አርሶ አደር ክረምቱን በመቀናጆ ላለማሳለፍ ሲል ጤፉን ሸጦ ይመጣል። የያዘው 60 ሺህ ብር ነው እንበል። ከዚህ ገንዘብ ላይ የዘር መግዣ መትረፍ ስላለበት፣ መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ ብዙ ነገር ይወስናል።

እንዲህ ያለ ገዥ ቸኩሎ ዋጋ አይጠራም። በመጀመሪያ እየዞረ ሰባት ሻጮችን “ስንት ይሉታል?” ብሎ ብቻ ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ የራሱን ዋጋ ከጠራ ሻጩ “ውሰደው!” ሊለው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ማለት ጠብ ያመጣል።

የሚያነጻጽረውም የሚመሳሰሉትን ነው፦ ስምንቱም የታች የፊት ጥርሶቻቸው የሞሉ፣ ቀንበር የለመዱ፣ በቁመና የሚቀራረቡ። 80 ሺህ የተባለው ለእርድ የሰባ በመሆኑ ከስሌቱ ይወጣል። 45 ሺህ የተባለውን ደግሞ ያስኬደዋል፤ የኋላ እግሩን ስለሚያነክስ እሱም ይቀራል። የቀሩት አምስቱ ከ60 እስከ 64 ሺህ ተጠርተዋል። ሆኖም ሁለቱን የያዘው አንድ ደላላ ከሆነ፣ የተገኘው የአንድ ሰው ዋጋ ነው እንጂ የሁለት አይደለም።

የተጠየቀ ዋጋ ግን የተሸጠበት ዋጋ አይደለም። ስለዚህ ገዥው ገበያው በር ላይ ቆሞ፣ ተመሳሳይ በሬ እየነዱ የሚወጡትን ስንት ተብለው በስንት እንደገዙ ይጠይቃል። ሦስቱ በ56፣ በ57 እና በ58 ሺህ መግዛታቸውን፣ መጀመሪያ የተባሉትም አምስት ሺህ ያህል ከፍ ያለ እንደነበር ቢነግሩት፣ የዕለቱ መሸጫ 57 ሺህ ገደማ ነው ማለት ነው።

የመረጠው በሬ 62 ሺህ ተጠርቷል። ይህም ከ57 ሺህ በአምስት ሺህ ይበልጣል። ሁለቱ ወገኖች እኩል እየተጠጉ ሲሄዱ መሐል ላይ ስለሚገናኙ፣ ገዥውም አምስት ሺህ ዝቅ አድርጎ 52 ሺህ ይላል። ከመጀመሪያው 57 ሺህ ቢል ኖሮ ድርድሩ ወደ 60 ሺህ ይጠጋና የዘሩን ገንዘብ ይበላው ነበር። 40 ሺህ ቢልም ሻጩ የምር ገዥ አይደለም ብሎ ፊቱን ያዞርበታል። ሻጩ 60 ሲል 54፣ 58 ሲል 56 እያለ ይጠጋል። ከ58 ሺህ በላይ ግን ላለመክፈል አስቀድሞ ይወስናል፤ ካልተስማሙ ወደ ሁለተኛው ምርጫው ይሄዳል።

ይህ ስሌት የሚያገለግለው ለዚያው ቀን ነው። በዓል ሲቃረብ ዋጋው ይወጣል፤ ገበያው ሊበተን ሲል ደግሞ በሬውን መልሶ መንዳት የማይፈልግ ሻጭ ይለሳለሳል። ለአርሶ አደሩ የገበያ መረጃ የሚሰጡ የወረዳ ባለሙያዎችም የተጠየቀውንና የተሸጠበትን ዋጋ ለይተው ቢነግሩት፣ ገዥው በር ላይ ቆሞ የሚያጠፋው ጊዜ ይቀንስለታል።