በጉግል የተከፈተ አካውንት፣ ጉግል ሲዘጋ

በአንድ የትምህርት ድረ ገጽ ላይ «Sign in with Google» የሚለውን ተጭኖ የተመዘገበ ሰው ብዙውን ጊዜ በዚያ ድረ ገጽ የራሱ የይለፍ ቃል የለውም። ድረ ገጹ የሚያውቀው ጉግል በሰጠው `sub` በተባለ የማይለወጥ መለያ ነው።

በአርብ ገበያ የሚያስተምር አንድ መምህር ለኮርስ ብቻ የከፈተው ጂሜይል አለው እንበል። ጉግል 2 ዓመት ያልተነካን የግል አካውንት መሰረዝ የጀመረው በታኅሣሥ 2023 (እ.ኤ.አ.) ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ እነዚያ ወራትም ያው ከ2 ዓመቱ ይቆጠራሉ።

ጂሜይሉ ከተሰረዘ መምህሩ በአዲስ ጂሜይል ሲገባ ባዶ ገጽ ይጠብቀዋል። ሰርተፍኬቶቹ የጠፉ ይመስላሉ እንጂ በአሮጌው መለያ ሥር ተቀምጠዋል። የይለፍ ቃል መቀየሪያው መልእክት የሚላከው ወደ ተሰረዘው ሣጥን ነው፤ ያንኑ አድራሻ ደግሞ ጉግል ዳግም አይሰጥም። የጉግል አካውንቱ የተቆለፈ ብቻ ከሆነ ግን ሲከፈት መለያው ያው ስለሆነ ሁሉም ይመለሳል።

ስለዚህ መግባት እየተቻለ ሳለ በድረ ገጹ ቅንብር ውስጥ ሌላ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ማስመዝገብ፣ ከዚያም ከአካውንቱ ወጥቶ ያለ ጉግል ለመግባት መሞከር ይገባል። ይህን የማይፈቅድ ድረ ገጽ፣ በእኔ ግምት፣ ሰርተፍኬት ሊቀመጥበት አይገባም፤ ፋይሉን አውርዶ መያዝ ይሻላል።