100ን ሲያልፍ ይገዛል ወይስ ይሸጣል?

ሁለት ነጋዴዎች አንድ ቻርት ከፍተው፣ አንዱ “ግዛ”፣ ሌላው “ሽጥ” የሚል ምልክት ሊያነቡበት ይችላሉ። ኮሞዲቲ ቻናል ኢንዴክስ (ሲሲአይ) የሚባለው መለኪያ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋል። ዶናልድ ላምበርት በ1980 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቀው ለሸቀጥ ገበያ አስቦት ነበር፤ ዛሬ ግን አክሲዮንና የውጭ ምንዛሪ የሚነግዱትም ይጠቀሙበታል።

ቀመሩ ይህ ነው፦

```
CCI = (TP - SMA) / (0.015 × MD)
```

TP የዕለቱ ከፍተኛ፣ ዝቅተኛና የመዝጊያ ዋጋ ተደምሮ ለሦስት ሲካፈል የሚገኘው ነው። SMA የተመረጡት ቀናት TP አማካይ ሲሆን፣ MD ደግሞ የየቀኑ TP ከዚያ አማካይ በስንት እንደራቀ፣ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ሳይለይ፣ ተደምሮ ለቀናቱ ብዛት የተካፈለ ነው። 0.015ን የመረጠው ላምበርት ራሱ ነው፤ ከውጤቶቹ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት በ−100 እና በ+100 መካከል እንዲያርፉ ፈልጎ።

የአምስት ቀን TP 100፣ 102፣ 101፣ 103 እና 109 ነው እንበል። አማካዩ 103 ነው፤ ርቀቶቹ 3፣ 1፣ 2፣ 0 እና 6፣ ስለዚህም MD 2.4 ይሆናል። የመጨረሻው ቀን ከአማካዩ በ6 ስለሚበልጥ፣ 6 ለ0.036 ሲካፈል ሲሲአይ 166.7 ይወጣል።

በላምበርት መንገድ ይህ የመግዣ ምልክት ነው። ከ+100 በላይ መውጣት ዋጋው ከተለመደው ክልል ሰብሮ አዲስ ጉዞ መጀመሩን ያሳያል፤ ተመልሶ ከ100 በታች ሲወርድ ይወጣል። ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች ግን ገልብጠው ያነቡታል፦ ዋጋው ከልክ በላይ ተወጥሯልና ከ100 በታች ሲመለስ ይሸጣሉ።

በማግስቱ TP 110 ሆነ እንበል። የመጀመሪያው 100 ከስሌቱ ይወጣል፤ አማካዩ 105፣ MD 3.6 ይሆናል፣ ሲሲአይም ወደ 92.6 ይወርዳል። ዋጋው ጨምሯል፣ መለኪያው ግን ወርዷል! ላምበርትን የሚከተለው ይወጣል፣ መቀልበስን የሚጠብቀው ደግሞ ይሸጣል፤ ዋጋው መውጣቱን ከቀጠለ ሁለቱም ተሳስተዋል። የወረደው ሻጭ ስለበዛ አይደለም፤ ርቀቶቹ ሰፍተው አካፋዩ ስላደገ ነው።

ስለዚህ ገበያው አንድ አቅጣጫ ይዞ ሲጓዝ የላምበርት ንባብ ይሻላል፤ በሁለት ዋጋዎች መካከል ሲመላለስ የመቀልበሱ ንባብ። የትኛው ገበያ ላይ እንዳለን ግን ሲሲአይ ብቻውን አይነግረንም፤ የዋጋውን ቻርት ማየት ግድ ነው።

የቀናት ምርጫውም ቀላል ነገር አይደለም። በአምስት ቀን ስሌት ሲሲአይ ከ166.7 በላይ ፈጽሞ አይወጣም፤ በ20 ቀን ግን ጣሪያው 666.7 ነው። በአምስት ቀን አስልቶ “200 ሲደርስ እሸጣለሁ” ያለ ሰው ያ ምልክት መቼም አይመጣለትም።