ባትሪን የሚጨርሰው ሙቀት

«ወንድሜ፣ ባትሪዬ ሦስት ዓመቱ ነው። ቻርጅ አስደርጌው ሁለት ቀን ሳይቆይ ሞተሪኖውን ማዞር ያቅተዋል። ብርዱ ሳለ ደህና ነበር፤ ሙቀቱ ምን አደረገው?» ሲል አንድ የድሬዳዋ ታክሲ ሹፌር ለመካኒኩ ጽፏል።

ብዙ ሰው ባትሪን የሚጎዳው ብርድ ይመስለዋል። ብርድ ግን ኃይሉን ለጊዜው ያደክመዋል እንጂ ዕድሜውን የሚበላው ሙቀት ነው። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። ውስጡ ያለው ውሃ ይተናል፣ የፖዘቲቭ ሳህኖቹ የእርሳስ ፍርግርግም ቶሎ ይበላል። ስለዚህ በቆላ ከተማ ሦስት ዓመት ያገለገለ ባትሪ ቢደክም አያስገርምም።

መካኒኩ በባትሪው ላይ ከመፍረዱ በፊት ግን ዲናሞውን መፈተሽ አለበት። ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ከተነበበ ደህና ነው። ከ15 ካለፈ ባትሪውን እያደረቀ ያለው ዲናሞው ነው፤ አዲስ ቢገዛም ያው ይደገማል። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ውሃው ከሳህኖቹ በታች መውረዱ በዓይን ይታያል። የሚጨመረውም የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ አሲድ አይጨመርም።

ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት እያሳየ፣ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ግን አቅሙ አልቋል። ያን ጊዜ ደጋግሞ ቻርጅ ማድረግ ትርፉ ድካም ነው፤ መቀየር አለበት።