«አይተው ዝም ብለው አይለፉ»፦ ስለ መንፈሳዊ ቪዲዮዎች የእርዳታ ጥሪ፣ ተረትና እውነታ

በአማርኛ መንፈሳዊ ቪዲዮ የሚከታተል ሰው ንግግሩን በቃሉ ያውቀዋል። «ይህን አይተው ዝም ብለው ካለፉ የእግዚአብሔር ቤት ግድ አይሰጥዎትም ማለት ነው» ይባላል። ከሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር ያልፋል፣ ከጀርባ በገና ይደረደራል። ተናጋሪው ብዙ ጊዜ አጭበርባሪ አይደለም። ጣሪያው እውነትም ያፈሳል፤ ካህኑም እውነትም ተቸግረዋል። የተበላሸው አጠያየቁ ነው። ያ አጠያየቅ የቆመባቸውን ጥቂት እምነቶች እንመልከት።

ተረት፦ ሰው ካልተጫኑት አይሰጥም።

እውነታ፦ ጫና ገንዘብ ያመጣል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። መጠየቅ ያለበት ከማን እንደሚያመጣ ነው። ዴላቪኛ፣ ሊስትና ማልሜንዲየር የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት የታወቀ ጥናት አለ። በአሜሪካ ቤት ለቤት እየዞሩ እርዳታ ሲጠይቁ፣ ለአንዳንዱ ቤት አስቀድመው የሚመጡበትን ሰዓት የሚናገር ወረቀት በር ላይ አንጠለጠሉ። ወረቀቱ «አትምጡብኝ» ብሎ ምልክት ማድረጊያ ቦታ ሲኖረው የተሰጠው ገንዘብ ከ28 እስከ 42 በመቶ ቀነሰ። በዋናነት የጠፋው ደግሞ ከ10 ዶላር በታች የነበረው ስጦታ ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ሰጪዎች ይሰጡ የነበረው ፊት ለፊት «አይ» ማለት ከብዷቸው ነበር ማለት ነው።

ቪዲዮ በር አያንኳኳም፤ በጣት ገፋ አድርጎ ማለፍ ይቻላል። ስለዚህ ሰውን የሚያሳፍረው ነገር በቃላት መሠራት አለበት፤ «ዝም ብለው ካለፉ» የሚለው ሐረግ ሥራው ይኸው ነው። ይህ ቃል ባለሀብቱን ብዙም አያስደነግጠውም። የሚያስደነግጠው ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ፣ ሥራዋን ጨርሳ ሌሊት ስልኳን የምትከፍተውን እህት ነው። ከደመወዟ ለቤተሰብ የምትልከው ተቀንሶ ወደ ሒሳቡ ይገባል። በላይቭ ስም እየጠሩ «ከዳላስ ይህን ያህል ገባ፣ ዲሲዎች የት ናችሁ?» ማለትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የከተማ ፉክክሩ ጨዋታ ቢመስልም ያልሰጠው ሰው ስሙ ሳይጠራ ይታወቃል።

ተረት፦ «ባይሰጡም አይከፋንም» ካልን ማንም አይሰጥም።

እውነታ፦ ተቃራኒውን የሚያሳይ ማስረጃ አለ። ጌገንና ፓስኩዋል የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ሙከራ መንገደኞች ለአውቶቡስ ሳንቲም ተጠየቁ። በተለመደው አጠያየቅ የሰጠው 10 በመቶ ነበር፤ «ለመቀበልም ለመከልከልም ነፃ ነዎት» የሚል ሲጨመርበት 47.5 በመቶ ሰጠ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ በርካታ ሙከራዎች ተሰባስበው ሲታዩም ቃሉ እንደሚሠራ ተረጋግጧል፤ ሰውየው እዚያው የማይወስን ከሆነ ግን ኃይሉ ይደክማል። ቪዲዮ ላይ 47.5 በመቶ እንዳይጠበቅ። ደግሞም ነፃነቱን ሰጥቶ ወዲያው «ግን በረከቱ ያመልጥዎታል» ማለት የሰጡትን መልሶ መንጠቅ ነው።

ተረት፦ ጫናው ከመጽሐፉ የመጣ ነው።

እውነታ፦ አስራት ባለመክፈል እግዚአብሔርን መስረቅን የሚናገረው የሚልክያስ ምዕራፍ 3 በየቪዲዮው ይጠቀሳል። ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 2 መርገሙን በካህናቱ ላይ ማንሣቱ ግን እምብዛም አይጠቀስም። የመበለቲቱ ሁለት ሳንቲምም እንዲሁ ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ታሪኳ የተጻፈው የመበለቶችን ቤት የሚበሉ ጻፎች ከተወገዙበት ቃል ቀጥሎ ነው፤ እሷን እየጠቀሱ ድሃን መግፋት የሚያስቸግር ነው።

ከሁሉ የሚጠቅመው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች ገንዘብ ሲያሰባስብ የጻፈው ነው፤ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 እና 9 ይገኛል። እሱም ቢሆን ከግፊት ፈጽሞ አልነጻም፤ የመቄዶንያን ልግስና ያወራል፣ ሳትዘጋጁ ብንገኝ እናፍራለን ይላል። ነገር ግን ትእዛዝ እንዳልሆነ ይናገራል፣ ማንም በኀዘን ወይም በግድ እንዳይሰጥ ይጽፋል፣ ስጦታው የሚለካው ሰው ባለው እንጂ በሌለው እንዳልሆነ ይጨምራል። ገንዘቡን ይዞ የሚሄደውም ብቻውን አይደለም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮ ይጓዛል፣ ማንም እንዳይነቅፋቸው። ለመስጊድ ግንባታ ቪዲዮ የሚሠሩ ወገኖችም በአል-በቀራ ምዕራፍ ለድሆች በስውር መስጠት የተሻለ መሆኑን ያነባሉ፤ የሰጪን ስም በአደባባይ ከማንበብ በፊት ሊያስቡበት ይገባል።

ተረት፦ ዝርዝር ከገባን ነገሩ ንግድ ይመስላል፤ ልብ የሚነካ ቃል ይበቃል።

እውነታ፦ ዝርዝር ሲጎድል ነው የሚጠረጠረው። አንድ የገጠር አጥቢያ በምሳሌ እንውሰድ። የመጀመሪያው ጥሪ እንዲህ ይላል፦ «ታቦቱ በዝናብ እየተደበደበ ነው፤ ዛሬ ሌሊት ካልደረሳችሁ እዳው የእናንተ ነው። የሰጠ እጥፍ ድርብ ይቀበላል።» ውስጡ ሦስት ነገር አለ። «ዛሬ ሌሊት» ውሸት ነው፤ ጣሪያው በአንድ ሌሊት አይሠራም። «እዳው የእናንተ» ክስ ነው። «እጥፍ ድርብ» ደግሞ ተናጋሪው ሊፈጽመው የማይችለው ተስፋ ነው።

እንዲህ ሊባል ይችል ነበር፦ «የቤተ ክርስቲያናችን ቆርቆሮ አርጅቶ ውኃ ያስገባል። ሰበካ ጉባኤው ከባለሙያ ጋር ባደረገው ግምት ለቆርቆሮ፣ ለእንጨትና ለሠራተኛ 1,200,000 ብር ያስፈልጋል፤ ምእመኑ 480,000 ሰብስቧል፣ የቀረው 720,000 ነው። ከክረምት በፊት ብንጨርስ እንመርጣለን፤ ካልሆነ የሚበላሸውን ሸፍነን እንቆያለን። ሒሳቡ በቤተ ክርስቲያኑ ስም ነው፣ ሦስት ሰዎች ይፈርሙበታል። ከተረፈ ለአጥሩ ይውላል። የቻለ ይርዳ፤ ያልቻለ ወይም ያልፈለገ ቪዲዮውን አይቶ ቢሄድ ቅር አንሰኝም።» ችግሩ አልተደበቀም። ተመልካቹ ምን ያህል እንደቀረ፣ ማን እንደሚፈርም፣ የተረፈው የት እንደሚገባ ያውቃል። «ከተረፈ» የምትለዋ በብዙ ጥሪ አትገኝም፤ ኋላ ጭቅጭቅ የሚነሣው ግን በእሷ ነው።

ተረት፦ በቪዲዮው የተሰጠ ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን ይደርሳል።

እውነታ፦ በላይቭ ላይ በሱፐር ቻት የተላከ ገንዘብ የሚገባው ለቻናሉ ባለቤት ነው፤ ዩቲዩብ 30 በመቶውን ይወስዳል። 100 ዶላር ከተላከ ወደ 70 ገደማ ይቀራል፤ እሱንም ለአጥቢያው የሚያደርሰው የባለቤቱ ቃል ብቻ ነው። ከማስታወቂያ የሚገኘው ገቢም የቻናሉ ነው። ይህ ነውር የለውም፣ ከተነገረ። በአሜሪካ ለምትሰጡ ደግሞ፣ ወደ ግለሰብ ሒሳብ የገባ ገንዘብ ከታክስ ተቀናሽ አይሆንም፤ ሕጋዊ ለሆነ ተቋም 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ስትሰጡ የጽሑፍ ማረጋገጫ ጠይቁ።

ቪዲዮ የምትሠሩ ሰዎች፣ የሚፈለገው መጠን ሲሞላ የሒሳብ ቁጥሩን ከመግለጫው አውጡና «ሞልቷል፣ እባካችሁ አትላኩ» የሚል አስተያየት ከላይ ለጥፉ። ቪዲዮው ከዓመታት በኋላም እየታየ ገንዘብ መጥራቱን አያቆምም።