ሽምብራ ቆሎ ከምጣዱ መቼ ይወርዳል?

ደረቅ ሽምብራ ከጆንያ ተዘግኖ በቀጥታ ትኩስ ምጣድ ላይ ቢፈስ ቆሎ አይወጣውም። ልጣጩ ይጠቁራል፤ ውስጡ እንደ ጠጠር ይቀራል፤ የደፈረ ሰው ጥርሱን ያመዋል። ስንዴ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ እሳቱ ቶሎ መሐሉ ይደርሳል። ሽምብራ ግን ድፍንና ወፍራም ነው፤ ሙቀቱ ወደ ውስጥ እስኪዘልቅ ድረስ ላዩ ያራል። ለዚህ ነው ሽምብራ ከእሳት በፊት ውሃ የሚያየው።

ውሃው ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ፍሬው ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ እንፋሎት ይሆንና ጠጣሩን ሥጋ ከውስጥ እየገፋ ያላላዋል። ቆሎው ሲነከስ ከሽ ብሎ የሚሰበረው እንፋሎቱ በተወው ጥቃቅን ክፍተት ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ ፍሬው እርጥበት እስካለው ድረስ ሙቀቱ ከውሃ መፍያ ብዙም አያልፍም፤ አዲስ አበባ ላይ ከፍታው ስለሚቀንሰው ይህ ወደ 92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ቡናማ ቀለምና የቆሎ ሽታ የሚመጡት ደግሞ ፍሬው 140 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ውሃው ከማረር የሚጠብቅ ዘበኛ ነው ማለት ይቻላል። ዘበኛው ሲሄድ እሳቱም መቀነስ አለበት። የቆሎ ጥበብ በአብዛኛው ይህን ሰዓት ማወቅ ነው።

ግማሽ ኪሎ የአገር ቤት ሽምብራ ወስደን እንሥራው። ይህ ትንሹ፣ ቡናማው፣ ልጣጩ የተጨማደደው ነው። ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የወጡት እንደ አረርቲና ሻሾ ያሉ ነጫጭ ዝርያዎች ፍሬያቸው ተለቅ፣ ልጣጫቸው ሳሳ ይላል፤ እነሱም ይቆላሉ፣ መቆያቸው ግን ይለያል። መጀመሪያ በሰፌድ አበጥሮ ስባሪውን፣ ክኩንና ጠጠሩን ማውጣት ያስፈልጋል። ስባሪ ከድፍኑ ቀድሞ ያርና ጭሱ ሌላውን ሁሉ መራራ ሽታ ያሲዘዋል።

ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃ ሦስት ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ ነው። ብዙ ሰው ማታ ዘፍዝፎ ጠዋት ይቆላል። ይሄም ይሆናል፤ ነገር ግን ሌሊቱን ያደረ ሽምብራ ክብደቱ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል ያንን ሁሉ ውሃ ምጣድ ላይ ለማድረቅ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ በዚያ መሐል ሰው ይሰለቻል፣ ሲሰለች እሳት ይጨምራል። እኔ ሦስቱን ሰዓት እመርጣለሁ። አንዷን ፍሬ ለሁለት ከፍለው ሲያዩ መሐሏ ላይ ስስ ደረቅ ነጥብ ከቀረ ይበቃታል። ከዚያ ውሃውን አጥልሎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ አንድ ሰዓት ማቆየት ነው። ላይ ላዩ ይደርቃል፤ ውስጥ የገባው እርጥበት ደግሞ ወደ መሐሉ ይዘልቅና እኩል ይሆናል። ይህችን አንድ ሰዓት የዘለለ ሰው ላዩ የበሰለ፣ መሐሉ ድንጋይ የሆነ ቆሎ ያገኛል።

ምጣዱ የሸክላ ወይም ወፍራም የብረት ቢሆን ይሻላል። ስስ አልሙኒየም ከሆነ እሳቱ በቀጥታ የነካው ቦታ ብቻ ይግልና ፍሬው በነጠብጣብ ያራል። ግማሽ ኪሎውን ሁለት ቦታ ከፍሎ መቁላት ተገቢ ነው፤ ሽምብራው ከተደራረበ ከታች ያለው ሲጠቁር ከላይ ያለው ገና በእንፋሎት እየተቀቀለ ነው።

መካከለኛ እሳት ላይ ሽምብራው ሲፈስ መጀመሪያ የሚሰማው ድፍን ያለ ድምፅ ነው፤ እርጥብ ስለሆነ አይንኳኳም። በዚህ ጊዜ የእንጨት ማማሰያውን ዘና ብሎ ማዞር ይቻላል። ስምንት ወይም አሥር ደቂቃ ያህል እንፋሎቱ ይታያል፣ ሽታውም የተቀቀለ ሽምብራ ሽታ ነው። እንፋሎቱ ሲሳሳ ድምፁ ይቀየራል፤ ፍሬው ምጣዱን ሲመታ ቀጭን፣ ደረቅ፣ እንደ ዶቃ የሚንሿሿ ይሆናል። ዘበኛው የሄደው እዚህ ላይ ነው። እሳቱን በግማሽ ይቀንሱ፤ ከዚህ በኋላ ማማሰያው ለአፍታም አይቆምም።

የሽምብራን ፍሬ ጠጋ ብለው ቢያዩት ቀንዳም የአውራ በግ ራስ ይመስላል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ሲሰር አሪየቲኑም ውስጥ ያለው ሁለተኛው ቃልም ከአውራ በግ የመጣ ነው። የዚያች ራስ ሹል አፍንጫ ስስ ስለሆነች ቀድማ ትቀላለች። አፍንጫዋ ቡናማ ሆና ጉንጯ ገና ቢጫ ከሆነ ሥራው በደህና እየሄደ ነው። አፍንጫዋ ጠቁራ ጉንጯ ቢጫ ከሆነ እሳቱ በዝቷል፤ ምጣዱን አንሥቶ ማቀዝቀዝ እንጂ ማማሰያ ማፍጠን አይበቃም። ልጣጩ እየተሰነጠቀ ውስጡ ወርቃማ ሆኖ ብቅ ማለት ሲጀምር መጨረሻው ቀርቧል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ከሰዓቱ ይልቅ ድምፁን አምናለሁ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን፤ እኔም በዚሁ ቦታ አንድ ሙሉ ምጣድ አቃጥያለሁ። ፍሬ አንሥቼ ነከስኩ፤ ለስላሳ፣ የሚለጠጥ ነገር ሆነብኝ። አልበሰለም ብዬ አምስት ደቂቃ ጨመርኩ፣ እሳቱንም ከፍ አደረግኩ። ሲበርድ ከሰል ነበር። ትኩስ ቆሎ ሁልጊዜ ከሽ አይልም። መጠንከር የሚጀምረው ሲበርድ ነው፤ በዚያ ላይ ከእሳት ከወረደ በኋላም በያዘው ሙቀት ጥቂት መብሰሉን ይቀጥላል። ስለዚህ መቅመስ ያለብን እንዲህ ነው፦ ሦስት አራት ፍሬ አውጥቶ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ሁለት ደቂቃ ማቆየት፣ ምጣዱን በዚያን ጊዜ ከእሳቱ ማራቅ፣ ከዚያ መንከስ። ከሽ ካለ ወዲያው ሰፌድ ላይ ዘርግቶ ማቀዝቀዝ ነው፤ ትኩስ ምጣድ ላይ ከተተወ ያራል። የሚፈልጉት ቀለም ላይ ለመድረስ ትንሽ ሲቀረው ማውረድ ጥሩ ልማድ ነው።

ጨው ለሚወድ፣ ጨው የሟሟበት ሁለት ማንኪያ ውሃ ሊወርድ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ይረጫል። ውሃው ሲተን ጨው ልጣጩ ላይ ይቀራል። ደረቅ ጨው ቢነሰነስ ግን ከምጣዱ ሥር ይቀራል።

ኦቾሎኒ ሌላ ነው። ግማሽ ያህል ክብደቱ ዘይት ስለሆነ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፤ ዘይቱ ግን ቶሎ ስለሚግል ከመጀመሪያው ጀምሮ ዝቅ ያለ እሳት ይፈልጋል። ቀይ ልጣጩ ቀለሙን ስለሚደብቅ አንዱን አሽቶ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል፤ ነጣ ያለ ገለባ መልክ ሲይዝ ይወርዳል። የሻገተ ወይም የጠቆረ ኦቾሎኒ ካለ ከመቁላት በፊት ይጣል፤ ሻጋታው የሚተወውን መርዝ የምጣድ እሳት አያጠፋውም።

ቆሎው በደንብ ሳይበርድ ጣሳ ውስጥ አይከደን። የቀረው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ መልሶ ያለሰልሰዋል። እንዲህ የለሰለሰ ቆሎ ካለዎት አይጣሉት፤ ዝቅ ያለ እሳት ላይ ሦስት ደቂቃ አሙቀው ሰፌድ ላይ ያብርዱት፣ ተመልሶ ከሽ ይላል። ያረረው ግን አይመለስም።